የአረጋውያን ጉልበት፦ ተረትና እውነታ

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ወይም እናት ከሶፋ ሲነሱ ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ አንዴ ሁለቴ ወደ ፊት ተወዛውዘው፣ «ኧረ እመቤቴ!» ብለው ነው የሚነሱት። ሲቀመጡም ቀስ ብሎ መውረድ ያቅታቸውና ዘፍ ይላሉ። ቤተሰብ ይህንን ከቁርጥማት ቆጥሮ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ከሥሩ ያለው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ መሳሳት ነው። ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ ይሉታል።

ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ በዝግታ መቀነስ ይጀምርና ከ60 ወዲያ ይፋጠናል። በ70ዎቹ ያለ ሰው በዓመት ከጡንቻው 1 በመቶ ገደማ ሲያጣ፣ አቅሙ ግን እስከ 3 በመቶ ሊወርድ ይችላል። የሳሳውን ጡንቻ ቦታ ስብ ሊይዘው ስለሚችል ሚዛን ላይ መውጣት ነገሩን አያሳይም። ወፈር ያሉና ክብደታቸው ያልቀነሰ አረጋውያንም ጡንቻቸው ሊሳሳ ይችላል።

ተረት፦ «ድካሙ የዕድሜ ነው፤ ምንም አይደረግለትም»

እውነታ፦ የዕድሜ ድርሻ አለበት፤ ያረጀ ጡንቻ ግን ሥራ ከተሰጠው ዛሬም ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሐኪሟ ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ በቦስተን ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ አሥር ሰዎችን ክብደት በእግር የማንሳት ልምምድ አስጀመሯቸው። ልምምዱ ቀላል አልነበረም፤ ክብደቱ ሰዎቹ በበረቱ ቁጥር እየተጨመረ ይሄድ ነበር። ከስምንት ሳምንት በኋላ የጭናቸው ኃይል በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ የእርምጃቸውም ፍጥነት ተሻሻለ። ልምምዱን ሲያቆሙ ግን ያገኙት ኃይል በአንድ ወር ውስጥ መመናመን ጀመረ። ስለዚህ በዘጠና ዓመትም ለመጀመር አይረፍድም፤ የተጀመረው ግን መቀጠል አለበት።

ተረት፦ «ሽማግሌ ሰው ትንሽ ከቀመሰ ይበቃዋል»

እውነታ፦ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት የሚፈልገው ጠቅላላ ምግብ ይቀንሳል፤ የሚፈልገው ፕሮቲን ግን ይጨምራል። የወጣት ጡንቻ ጥቂት ፕሮቲን ሲደርሰው ራሱን መጠገን ይጀምራል። የአረጋዊ ጡንቻ ግን ለዚያው ጥገና በአንድ ማዕድ ከፍ ያለ መጠን፣ ከ25 እስከ 30 ግራም ገደማ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ለወጣት በቀን በየኪሎው 0.8 ግራም ገደማ ሲመከር፣ የዘርፉ ባለሙያዎች ለአረጋውያን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ።

60 ኪሎ የሚመዝኑ አንዲት እናት እንውሰድ። በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። በጾም ቀን የሚመገቡትን እንቁጠር። ጠዋት ሻይ በአንድ ዳቦ፣ 5 ግራም ቢሆን ነው። ምሳ ግማሽ እንጀራ ስስ በሆነ ሽሮ፣ 15 ግራም ገደማ። ማታ «ከብዶኛል» ብለው ሩብ እንጀራ በጎመን ወይም በድንች ይቀምሳሉ፤ እሱም 5 ግራም። ሲደመር 25 ግራም ነው፣ ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሆዳቸው ስለሞላ ግን እርሳቸውም ልጆቻቸውም ጉድለቱ አይታያቸውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ዲያሊሲስ ያልጀመሩ ሰዎች ፕሮቲን መጨመር ሊጎዳቸው ስለሚችል መጠኑን ሐኪማቸው ይወስንላቸው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ለዓመታት የቆየባቸውም አስቀድመው ኩላሊታቸውን በደም ምርመራ ማሳየት አለባቸው።

ተረት፦ «ሥጋና ወተት የሌለበት ማዕድ ጡንቻ አይሠራም»

እውነታ፦ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በጥቂቱ ብዙ ፕሮቲን ስለሚሰጡ ሥራውን ያቀልሉታል። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ደግሞ ከ25 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። በጾም ወራት ግን ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ለውዝ ክፍተቱን ሊሞሉት ይችላሉ። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ከሥጋው ትንሽ ዝቅ ባለ መጠን ስለሚፈጭና ጡንቻን የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው፣ መጠኑን ከፍ ማድረግ ይገባል። ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል፤ ሽሮ በእንጀራ ይህንን ያሟላል።

የእናታችንን ማዕድ በዚሁ በጾም ምግብ እናስተካክለው። ጠዋት አንድ ሳህን ፉል በዳቦ፣ 20 ግራም። ምሳ አንድ ስኒ ሙሉ ምስር ወጥ በግማሽ እንጀራ፣ 25 ግራም። እራት ወፈር ብሎ የተሠራ ሽሮ በሩብ እንጀራ፣ ከ15 እስከ 17 ግራም። መሃል ላይ አንድ እፍኝ የተቆላ ለውዝ፣ 7 ግራም። ሲደመር ወደ 70 ይጠጋል። የተጨመረ የእንጀራ መጠን የለም፤ የተቀየረው እንጀራው ላይ የወጣው ወጥ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ጥርስ ላይ ይወድቃል። ቆሎና ንፍሮ ማኘክ ያቃታቸው አረጋውያን ሳይናገሩ ጥራጥሬውን ትተው ፍትፍቱን ብቻ ይበላሉ። ለእነርሱ ለውዙን ፈጭቶ ሻይ ውስጥ ማፍላት፣ ምስሩን በደንብ አብስሎ ማድቀቅ፣ ሽሮውን ማወፈር ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው የሚውሉ ሰው የቀኑን ፕሮቲን ሁሉ በሁለት ማዕድ ማሟላት አለባቸው፤ ሆዳቸው ደግሞ በጥቂቱ ይሞላል። ክብደታቸው እየቀነሰ፣ መድኃኒት እየወሰዱም ከሆነ ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባታቸውንና ሐኪማቸውን ቢያማክሩ ይበጃል።

ተረት፦ «አንድ የቪታሚን መርፌ ቢወጉ ይበረታሉ»

እውነታ፦ ቪታሚን የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው። አረጋውያን ላይ ቶሎ የሚጎድሉት ሁለት ናቸው፦ ቪታሚን ዲ እና ቢ12።

ቪታሚን ዲ ሲያንስ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ይደክማል፤ ደረጃ መውጣት ያስቸግራል። ፀሐይ በሞላበት አገራችንም ሊጎድል ይችላል። ከቤት የማይወጡ፣ ሲወጡም በነጠላና በጋቢ የሚሸፈኑ አረጋውያን ቆዳቸው ፀሐይ አያገኝም፤ ጠቆር ያለ ቆዳም ያንኑ ያህል ቪታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምቱን የሚያሳልፉ ወላጆቻችን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጉድለቱ በደም ምርመራ ከታወቀ መድኃኒቱን በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በልክ መውሰድ ነው። «አንዴ በብዛት ልውሰድና ልገላገል» ማለት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ ሰጥቶ ነበር፤ የወሰዱት ሴቶች ካልወሰዱት የበለጠ ወደቁ፣ አጥንታቸውም የበለጠ ተሰበረ።

ቢ12 ከእንስሳት ተዋፅኦ እንጂ ከጥራጥሬና ከአትክልት አይገኝም። በዚህ ላይ ዕድሜ ሲገፋ ጨጓራ ከምግብ ለይቶ ማውጣት ሊያቅተው ይችላል። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን እና ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰዱም ቢ12ን ይቀንሳሉ። ስለዚህ የሚጾሙና እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰው በደም ቢመረመሩ መልካም ነው። ምልክቱ እግር መደንዘዝ፣ ጥጥ የረገጡ ያህል መሰማት፣ በጨለማ ሲሄዱ መንገዳገድ ነው። ጉድለቱ ከተገኘ መርፌው ወይም ክኒኑ በእርግጥ ይሠራል።

ሁለቱም ካልጎደሉ ግን መርፌው ጡንቻ አይጨምርም። የቦስተኑ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 መቶ አረጋውያን ላይ ባደረገው ሁለተኛ ጥናት አልሚ መጠጥ ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች ጉልበት አልጨመሩም፤ የጨመሩት ልምምድ የሠሩት ናቸው።

ተረት፦ «እርስዎ አረፍ ይበሉ፤ እኛ እንሠራለን»

እውነታ፦ ይህ አባባል ከአክብሮት የመጣ ቢሆንም ጡንቻን የሚያሳሳው አንዱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን አሥር ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ አጡ። ጉንፋን ይዟቸው ወይም ሆስፒታል ገብተው ሳምንት የተኙ አረጋዊ ሲወጡ መራመድ የሚያቅታቸው ለዚህ ነው።

በእግር መንሸራሸር ለልብ ይጠቅማል፤ የጭን ጡንቻን ለማጠንከር ግን አይበቃም። ጡንቻው ክብደት መሸከም አለበት። ለቤት የሚበቃው ልምምድ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። የወንበሩን ጀርባ ከግድግዳ አስጠጉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሱ፤ ሲቀመጡ እስከ አራት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ዘፍ ማለት የለም። ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ሠርተው፣ ሁለት ደቂቃ አርፈው፣ እንደገና ይድገሙት። ይህንን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እያሳለፉ መሥራት ነው። ካቃታቸው ትራስ ጨምረው ወንበሩን ከፍ ያድርጉት፤ በእጅ መደገፍም ይቻላል። አሥሩ ሳያደክማቸው ካለቀ ቀልሏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ትራሱን ማንሳት፣ ቆይቶም ባለ አንድ ሊትር የውሃ ጠርሙስ በየእጃቸው መያዝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ካልከበዱ ጡንቻው አዲስ ነገር አይሠራም። ማግስቱን ጭን መዛሉ ያለ ነው፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ግን ወንበሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስግደትም መውረድና መነሳት ስለሆነ ጭንን ያሠራል። ለዓመታት ሲሰግዱ የኖሩ ሰው «አሁንስ አቃተኝ» ሲሉ ጡንቻቸው እየሳሳ ስለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ለውጡን ለመለካት ሰዓት ይዛችሁ፣ እጅ ተጣምሮ አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መዝግቡ። ከ15 ሰከንድ ካለፈ በአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ ጡንቻው ደክሟል ይባላል። ከሦስት ወር ልምምድ በኋላ ሰከንዱ ካልቀነሰ መጀመሪያ ማዕዱን፣ ቀጥሎ ደሙን አስመርምሩ።

ልምምድና ሽሮ የማይፈቷቸው ድካሞች አሉ። በስድስት ወር ውስጥ ሳይታሰብ ከ60 ኪሎ ሦስት ኪሎ የቀነሱ፣ መዋጥ ያስቸገራቸው፣ በዓመት ሁለቴ የወደቁ አረጋዊ ሐኪም ጋር ይቅረቡ፤ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የቲቢ ወይም የካንሰር ሕመም ሊሆን ይችላል። አንድ ወገን እጅና እግራቸው በድንገት ከዛለ ደግሞ ስትሮክ ነው ብላችሁ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።