ካሬው፣ ዋጋውና የምዝገባው ክፍያ

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ በሊዝ ጨረታ የሚቀርበው ዋጋ የመጠቀሚያ መብት ዋጋ ነው። የሚቀርበውም በካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚጀምረው ከስፋቱ ነው።

በቃል «180 ካሬ» የተባለ ቦታ አለ እንበል። 12 ሜትር በ15 ሜትር መሆኑ ነው። ሜትር ዘርግተን ስንለካው ግን የፊቱ ወርድ 11.5 ሜትር ብቻ ሆነ። በ15 ሲባዛ 172.5 ካሬ ሜትር ይመጣል። የአንዱ ካሬ ዋጋ 8,000 ብር ቢሆን፣ በቃሉ ስፋት 1,440,000፣ በልኬቱ ደግሞ 1,380,000 ብር ነው። ግማሽ ሜትር ወርድ 60,000 ብር አወጣች ማለት ነው።

የምዝገባ ክፍያ የሚደመረው ከዚህ በኋላ ነው። የዋጋው 2 በመቶ ከሆነ 27,600 ብር ይሆንና ጠቅላላው 1,407,600 ብር ይደርሳል። ቁርጥ 3,000 ብር ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይደመርና 1,383,000 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁርጡን ክፍያ በካሬው ዋጋ ላይ ጨምሮ ያባዛዋል። ያን ጊዜ 3,000ው 517,500 ብር ሆኖ ያርፋል።

ቦታው አራት ማዕዘን ካልሆነ ርዝመትና ወርድ ማባዛት አይበቃም። በሦስት ማዕዘን ከፋፍላችሁ አስለኩ፤ ከመፈረማችሁ በፊትም ልኬቱን ከካርታው ጋር አስተያዩ።