ከታንኳው በታች ያለው ታንኳ

አንድ የማስታወቂያ ባለሙያ ለአስጎብኚ ድርጅት ፖስተር እያዘጋጀ ነው እንበል። በእጁ ሁለት ፎቶዎች አሉ። አንደኛው ማለዳ የተነሳ፣ ረጋ ያለ የጣና ሐይቅ ነው። ሁለተኛው ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነው፤ እንጨት ተጭኖበታል፣ ቀዛፊውም ከኋላ ተቀምጧል። ባለሙያው ታንኳውን ቆርጦ ሐይቁ ላይ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን ከሥሩ ምንም ነጸብራቅ ስለሌለ ታንኳው የተንሳፈፈ ሳይሆን አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ስለዚህ ብዙዎች የሚያደርጉትን ያደርጋል። ፎቶሾፕ ላይ ሌየሩን በ Ctrl+J ያባዛል፣ በ Edit > Transform > Flip Vertical ይገለብጠዋል፣ ወደ ታች ጎትቶ ከታንኳው ሥር ያጋጥመዋል፣ በመጨረሻም Opacity ቀነስ አድርጎ ሥራውን ይዘጋል። ፖስተሩን የሚያይ ሰው ግን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ መናገር ባይችልም አንድ ነገር ይከነክነዋል።

የሚከነክነው ጭነቱ ነው። ፎቶ አንሺው ዳር ላይ ቆሞ፣ ካሜራውን ከውሃው 1.6 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ሲያነሳ የታንኳውን ጎን ብቻ ሳይሆን የተከመረውን እንጨት የላይኛውን ገጽም አይቶ ነበር። በተገለበጠው ምስል ላይ ያው ገጽ እንዳለ ውሃው ውስጥ ታየ። ውሃ ግን ይህን አያሳይም። ነጸብራቅ ማለት ካሜራው ከውሃው በላይ ባለበት ከፍታ ልክ ከውሃው በታች ሆኖ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ቢያነሳ የሚያገኘው ምስል ነው። ከዚያ ሆኖ የሚያይ ዐይን የታንኳውን ጎንና ወደ ላይ የታጠፈውን አፍንጫ ሆድ ያያል፤ ከላይ የተጫነውን እንጨት ጀርባ ፈጽሞ አያይም። የቀዛፊውንም አገጭ ሥር እንጂ አናቱን አያይም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በኔዘርላንድስ የኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማርሴል ሚናርት በ1937 እ.ኤ.አ. በደች ቋንቋ ባሳተመው፣ በደጅ ስለሚታዩ የብርሃን ክስተቶች በሚተርከው መጽሐፉ፣ የውሃ ላይ ምስል የዕቃው ትክክለኛ ቅጂ እንዳልሆነ አስረድቷል። የፎቶ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች መገልበጥን የአንድ ጠቅታ ሥራ ካደረጉ በኋላ ግን ነገሩ የተረሳ ይመስላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚወስነው ርቀት ነው። ታንኳው ከካሜራው 5 ሜትር ላይ ካለ ካሜራው ወደ 18 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ነው የሚያየው። ከውሃው በታች ያለው ምናባዊ ካሜራ ደግሞ በዚያው ልክ ሽቅብ ያያል። በሁለቱ እይታዎች መካከል ያለው ልዩነት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህን ማንም ያስተውለዋል። ታንኳው 100 ሜትር ርቆ ቢሆን ኖሮ ግን ቁልቁለቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም፣ ተራው ግልበጣም ይበቃ ነበር። ከወዲያኛው ዳር ያሉ ዛፎችና ተራሮች ሲገለበጡ ብዙውን ጊዜ የሚያምኑን ለዚህ ነው።

ለቅርብ ዕቃ የሚበጀው መፍትሔ ሁለተኛ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው ከቆመበት ሳይርቅ ካሜራውን እስከ ውሃው ድረስ ዝቅ አድርጎ ያንኑ ታንኳ አንድ ጊዜ ቢያነሳ የሚገለብጠው እሱን ነው። በትክክል ከውሃ በታች የተነሳ አይደለም፤ ነገር ግን የጭነቱ ጀርባ የለበትም፣ የአፍንጫው ሆድም ይታይበታል። ሁለተኛ ፎቶ ከሌለ ከተገለበጠው ምስል ላይ የጭነቱን የላይኛ ገጽ በማስክ ደብቆ ጎኑን ብቻ ማስቀረት ይቻላል። የሚቀረው ነጸብራቅ አጠር ያለ ቢሆንም ካልተነካካው ግልባጭ ይልቅ እውነት ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነጸብራቁ የሚጀምረው ከየት ነው የሚለው ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ነጥብ የሚገለበጠው ከራሱ ሥር በቀጥታ ካለው የውሃ ነጥብ ላይ ነው። ካሜራው አግድም ከተያዘ፣ ነጥቡ ከዚያ መነሻ በላይ ስንት ፒክስል ከፍ ካለ ነጸብራቁም ያን ያህል ፒክስል ዝቅ ይላል። ካሜራው ቁልቁል ካዘነበለ የታችኛው ትንሽ ያጥራል። የታንኳው አፍንጫ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ውሃውን አይነካም። ጫፉ ከውሃው 80 ፒክስል ከፍ ካለ በጫፉና በነጸብራቁ መካከል 160 ፒክስል ባዶ ውሃ መታየት አለበት። በችኮላ የተሠሩ ፎቶዎች ላይ ግን የላይኛውና የታችኛው አፍንጫ ሲሳሳሙ ይታያል። ታንኳው ሰያፍ ከቆመ ደግሞ ውሃውን የሚነካበት መስመር ራሱ ሰያፍ ነው፤ ቅጂው ከተገለበጠ በኋላ በ Edit > Transform > Skew ጎኑን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ሁለቱ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ መገጣጠም አለባቸው።

ዕቃው ውሃው ውስጥ ሳይሆን ዳር ላይ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ያታልላል። ከዳሩ ፈንጠር ብሎ የቆመ፣ በፎቶው ላይ 400 ፒክስል የሚረዝም ዋርካ አለ እንበል። የውሃው ወለል ከመሬቱ ሥር አልፎ እስከ ዋርካው ድረስ ቢቀጥል ኖሮ ከግንዱ ሥር 30 ፒክስል ዝቅ ብሎ ያልፍ ነበር፤ መገልበጫው መስመር እሱ ነው። እኛ የምናየው የሐይቁ ዳር ግን ከዚያ መስመር 60 ፒክስል ዝቅ ይላል። የዋርካው ጫፍ ከመስመሩ 430 ፒክስል ከፍ ስለሚል ነጸብራቁ 430 ፒክስል ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያው 60 ፒክስል በመሬቱ ይሸፈናል። ስለዚህ ውሃው ላይ የሚታየው 370 ፒክስል ብቻ ነው፣ የግንዱ የታችኛው ክፍል አይታይም። ዋርካውን ገልብጦ ከሐይቁ ዳር ጋር ማጋጠም ዛፉን ውሃ ውስጥ የበቀለ ያስመስለዋል።

ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ቀለሙና ድምቀቱ ይቀራል። Opacity በሁሉም ቦታ እኩል መቀነስ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው፤ የውሃ አንጸባራቂነት እንደ እይታው ማዕዘን ስለሚለያይ። 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዐይን እግሩ ሥር ያለውን ውሃ ቁልቁል ሲያይ ውሃው ላይ ከሚያርፈው ብርሃን የሚመለስለት 2 በመቶ ያህል ነው፤ ቀሪው ወደ ውስጥ ይገባል። 9 ሜትር ርቆ ያለው ውሃ ግን 35 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፣ 50 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ። በመሆኑም ነጸብራቁ ወደ ተመልካቹ በቀረበ ቁጥር መደብዘዝ አለበት። ሌየር ማስክ ላይ ከላይ ወደ ታች ከነጭ ወደ ግራጫ የሚሄድ ግራዲየንት ይህን ይሠራል።

ደመቅ ያሉ ነገሮች ውሃው ውስጥ ጠቆር ይላሉ፣ ጥቁር ነገሮች ግን ፈካ ይላሉ፤ ከሥር የሚመጣው የውሃው የራሱ ቀለም ይጨመርባቸዋልና። በክረምት ወንዞች አፈር ይዘው ወደ ጣና ስለሚገቡ ውሃው ቡናማ ይሆናል። በዚያ ወቅት በተነሳ ውሃ ላይ የቀዛፊው ጥቁር ጋቢ ነጸብራቅ ጥቁር ሆኖ ሊቀር አይችልም፣ ቡናማ ይቀላቀልበታል። የደፈረሰ ውሃ ጥላም ይቀበላል። ጥላው ፀሐይ ከምትመጣበት በተቃራኒ ሲወድቅ ነጸብራቁ ሁልጊዜ ቀጥታ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ነጸብራቁን ወደ ጎን ማዘንበል ፎቶውን ወዲያው ያበላሻል።

ስለ ሞገድ ደግሞ፦ ብዙዎች ነጸብራቁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዙታል። ዐይን ውሃውን በአግድም ሲቃኝ ግን ትናንሽ ሞገዶች ምስሉን ይበልጥ የሚጎትቱት ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ስለዚህ Filter > Blur > Motion Blur ላይ Angle 90 አድርጎ በመጠኑ መሳብ ይሻላል። Filter > Distort > Displace ሲጠቀሙም Vertical Scale ከ Horizontal Scale በሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ መጀመር ጥሩ ነው። ለማወዛወዣ ካርታነት የሚበጀው ያው የጣና ውሃ ፎቶ ነው፤ ወደ ጥቁርና ነጭ ተቀይሮ፣ ትንሽ ደብዝዞ፣ በ .psd ይቀመጣል። ያኔ ነጸብራቁ የሚሰበረው የሐይቁ ሞገድ ባለበት ቦታ ላይ ይሆናል፣ ቅርብ ያለው ሞገድ ትልቅ፣ ሩቁም ትንሽ ሆኖ ይመጣል።

በተወለወለ ወለል ላይ ሞገድ የለም፣ ደንቡ ግን ያው ነው። አራት እግር ያለው ወንበር ጥቁር ግራናይት ላይ ቢቀመጥ የኋላ እግሮቹ ፎቶው ላይ ከፊተኞቹ ከፍ ብለው ነው ወለሉን የሚነኩት። ወንበሩን በአንድ መስመር ከፊት እግሮቹ ሥር የሚገለብጥ ሰው የኋላ እግሮቹንና ነጸብራቃቸውን ይለያያቸዋል፤ የቤት ዕቃ ማስታወቂያዎች ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት ይህ ነው። እያንዳንዱ እግር ለብቻው ተቆርጦ ከራሱ መቆሚያ መገልበጥ አለበት፤ የመቀመጫው ግልባጭ ላይ መታየት ያለበትም ሰው የሚቀመጥበት ገጽ ሳይሆን ሥሩ ነው።

የወለል ውልወላ ፍጹም ስለማይሆን ነጸብራቁ እግሩ ወለሉን ሲነካ ጥርት ያለ ነው፣ ከመገናኛው በራቀ ቁጥር ብዥ ይላል። አንድ ዓይነት ብዥታ ለሁሉም መስጠት ወለሉን ጭጋግ ያለበት ያስመስለዋል። ነጭ ሴራሚክ ደግሞ የራሱን ብርሃን ስለሚበትን በላዩ ላይ ያለ ነጸብራቅ ከጥቁሩ ይልቅ እጅግ የሳሳ ነው። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ አያብረቀርቅም፤ ስለዚህ ነጸብራቁ እዚያ መስመር ላይ መቋረጥ አለበት።

ፎቶውን ለደንበኛ ከማስረከብ በፊት ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው፣ ዕቃው ወለሉን ወይም ውሃውን የሚነካባቸው ነጥቦች ሁሉ ከነጸብራቃቸው ጋር መገናኘታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከላይ ብቻ ሊታይ የሚችል ነገር ነጸብራቁ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ዕቃው ከካሜራው ጥቂት ሜትሮች ብቻ የሚርቅ ከሆነ ግን ማንኛውም ፎቶ አንሺ ከቦታው ሳይነቃነቅ በፊት ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ያንሳ፤ ያችን ፎቶ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማንም ሊፈጥርለት አይችልም።