ስድስት ጎድሏል፣ ዘጠኝ ተሰብሯል

አንድ የግንባታ እቃ መደብር 200 ካርቶን የወለል ሴራሚክ አዘዘ እንበል። መኪናው ሲራገፍ የተቆጠረው 194 ነው፤ ከእነዚህም 9ኙ ተሰባብረዋል። አቅራቢው ግን ደረሰኙን የቆረጠው በ200 ነው፤ አንዱ ካርቶን 1,000 ብር፣ ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 230,000 ብር። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ስልክ አንስቶ ይጨቃጨቃል፤ የስልክ ጭቅጭቅ ደግሞ ለሂሳብ ክፍል ምንም አይፈይድም።

ነገሩ የሚለየው መኪናው ገና ደጅ ቆሞ ሳለ ነው። ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ተረካቢው ሳይቆጥር «ተሟልቶ ደርሷል» በሚለው ማስረከቢያ ላይ ይፈርማል፣ ያ ፊርማ በኋላ በራሱ ላይ ማስረጃ ይሆንበታል። የሚያዋጣው ጉድለቱንና ስብራቱን ለየብቻ እዚያው ሰነድ ላይ ጽፎ ሹፌሩን ማስፈረም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው እቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። አቅራቢው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ስብርባሪውን አትጣሉ።

ከቅሬታው በኋላ አቅራቢው ክሬዲት ኖት፣ ማለትም ከደረሰኙ ላይ የሚቀነሰውን ሂሳብ ያመነበት ሰነድ ላከ። የያዘው ግን የጎደሉትን 6 ካርቶኖች ብቻ ነው፤ 6,000 ብር፣ ያውም ያለ ታክስ። ደብዳቤው የሚጻፈው ይህን ለማሳረም ነው፦

«ጉዳዩ፦ የተስተካከለ ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው ደረሰኝ ከተመዘገቡት 200 ካርቶኖች 6 ያልደረሱን ሲሆን 9 ተሰብረው ደርሰዋል። ሹፌሩ የፈረመበት ማስረከቢያና ፎቶግራፍ ተያይዘዋል። የላካችሁልን ክሬዲት ኖት የተሰበሩትን 9 ካርቶኖችና ታክሱን ስላላካተተ በምትኩ የ15 ካርቶን ዋጋ 15,000 ብር፣ ታክስ 2,250 ብር፣ በድምሩ 17,250 ብር የያዘ ክሬዲት ኖት እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትልኩልን እንጠይቃለን። ክርክር የሌለበትን 212,750 ብር በውላችን መሠረት እንከፍላለን። የተሰበሩት እቃዎች መጋዘናችን ይገኛሉ፤ አይታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ስድብም ልመናም የለበትም፤ መሆን ያለበትም እንዲህ ነው። ያልተካደውን ሂሳብ መክፈሉ በተለይ ብልህነት ነው፤ ሙሉውን ክፍያ ቢይዝ አቅራቢው «እዳውን የማይከፍል ደንበኛ» ብሎ ወሬውን ባዞረው ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም ብሎ 17,250 ብር ቀንሶ አይከፍልም?» የሚል ይኖራል። ክሬዲት ኖት ከሌለ በአቅራቢው መዝገብ ላይ እዳው እንደተከፈተ ይቆያል። ታክሱም አለ፦ ሻጩ የሰበሰብኩት ብሎ ያስመዘገበው፣ ገዢውም የከፈልኩት ብሎ የሚያቀናንሰው 30,000 ብር ነው። የ2,250 ብሩ ቅናሽ በሰነድ ካልተደገፈ የሁለቱም ሂሳብ ከእውነተኛው ግብይት ጋር አይገጥምም።

ደብዳቤውን ስታደርሱ ታዲያ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማህተም አስደርጉበት።