ደብተሩ ሲሞላ ኩንታሉ ሲጎድል

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የብር ኖቶች ሊቀየሩ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ በየቤቱ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገንዘብ ወደ ባንክ መሄድ ግድ ሆነበት። አሮጌው ኖት ቀኑ ሲያልፍ ወረቀት ሆኖ ይቀራልና። ዳንግላ ላይ በሬና ጤፍ ሸጠው 100,000 ብር ያጠራቀሙ ባልና ሚስት እናስብ። ብሩን ባንክ አስገብተው የቁጠባ ደብተር አወጡ፤ ሦስት ዓመት ሙሉም አልነኩትም። በዚያ ሦስት ዓመት ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድም ቀን አልቀነሰም። የሚገዛላቸው ነገር ግን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ይህ የሆነው የባንክ ስህተት ወይም ስርቆት ኖሮበት አይደለም፤ ሁለት ሒሳቦች ጎን ለጎን ሲሮጡ ነው።

ከመጀመሪያው ሒሳብ እንነሣ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲያደርግ፣ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። የእኛ ባልና ሚስትም ያገኙት ይኸንኑ 7 በመቶ ነው እንበል። በ100,000 ብር የዓመቱ ወለድ 7,000 ብር ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ግን ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ይቆረጥ ነበር፤ ባንኩ ራሱ ቀንሶ ስለሚያስገባው ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ስለዚህ እጃቸው የሚገባው 6,650 ብር ነው፤ እውነተኛው ወለዳቸውም 6.65 በመቶ ሆነ ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ወለዱ የሚሰላው በ100,000 ላይ ሳይሆን በ106,650 ላይ ነው። ወለዱ ራሱ ወለድ ይወልዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት 7,092 ብር፣ ሦስተኛው ደግሞ 7,564 ብር ይጨምራል፤ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ደብተሩ 121,306 ብር ያሳያል። የወለድ ወለድ የሚባለው ይኸው ነው። አንዳንድ ባንክ ወለዱን በየወሩ ሒሳብ ላይ ስለሚጨምር ነገሩ ይፋጠናል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም። 7 በመቶ በየወሩ ተከፋፍሎ ሲጨመር በዓመት 7.23 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በ100,000 ብር ላይ ልዩነቱ በዓመት ከ230 ብር አይበልጥም። በዝቅተኛ ወለድ ላይ የወለድ ወለድ ጉልበቱ የሚታየው በዓመታት ብዛት ነው። በ6.65 በመቶ አንድ ብር እጥፍ ለመሆን ወደ 11 ዓመት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሒሳብ የሚሠራው ከደብተሩ ውጭ፣ ገበያ ላይ ነው። የዋጋ ንረትም ልክ እንደ ወለድ በራሱ ላይ ይደራረባል። ዘንድሮ ዋጋ 27 በመቶ ከጨመረ፣ የከርሞው ጭማሪ የሚሰላው በአሮጌው ዋጋ ላይ ሳይሆን አንዴ በናረው ላይ ነው። ሰው የወለድ ወለድን ስሌት ትምህርት ቤት ይማራል፤ ንረትም የሚራባው በዚያው ስሌት መሆኑን ግን የሚነግረው የለም። የዓለም ባንክ በሚያወጣው ዓመታዊ አማካይ መሠረት የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት በአውሮፓውያኑ 2021 ወደ 27፣ በ2022 ወደ 34፣ በ2023 ወደ 30 በመቶ ነበር። ለሒሳቡ እንዲቀልለን እነዚህን ሦስት ዓመታት ለባልና ሚስቱ ሦስት ዓመታት እንስጣቸው።

መጀመሪያ በ100,000 ብር የሚገዛ ዕቃ ከዓመት በኋላ 127,000 ብር ያወጣል። በሁለተኛው ዓመት 170,180 ብር ይደርሳል፤ በሦስተኛው ደግሞ 221,234 ብር ይሆናል። በዚያው ጊዜ ደብተሩ የደረሰው 121,306 ብር ላይ ነው። የደብተሩን ቁጥር ለዋጋው ብናካፍል፣ በ2013 ብር ሲተመን ገንዘቡ ወደ 55,000 ብር ገደማ ነው የሚሆነው። 21,306 ብር ወለድ አግኝተዋል፤ 45,000 ብር የሚያህል የመግዛት አቅም ደግሞ አጥተዋል።

በኩንታል እንየው። ሲያስቀምጡ አንድ ኩንታል ጤፍ 4,000 ብር ነበር፣ ዋጋውም ከአጠቃላዩ ንረት ጋር እኩል ሄደ እንበል። በዚያን ቀን ብራቸው 25 ኩንታል ይገዛ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ኩንታሉ 8,850 ብር ገደማ ገብቷል፤ በ121,306 ብር 14 ኩንታል እንኳ አይሞላም። ይህ የልግስና ግምት ነው። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ የምግብ ንረት ብቻውን ከ40 በመቶ በላይ የሆነባቸው ወራት ነበሩና፣ ገቢው በአብዛኛው ለምግብ የሚውል ቤተሰብ ከአማካዩ የከፋ ደርሶበታል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አቋራጭ ስሌት አለ፤ መታረምም አለበት። ብዙ ሰው ወለዱን ከንረቱ ላይ ቀንሶ «7 በመቶ አግኝቼ 27 በመቶ ከናረ፣ 20 በመቶ ከሰርኩ» ይላል። ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ፣ 3 እና 5 በመቶ ዓይነት ሲሆኑ፣ መቀነሱ ይበቃል። እንደኛ ባለ ንረት ግን ያሳስታል። ትክክለኛው መንገድ ማካፈል ነው፤ 1.0665 ለ1.27 ሲካፈል 0.84 ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ 16 በመቶ ነው ማለት ነው። በእርግጥ ይህ ከ20 ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሲደራረብ ያየነውን 45 በመቶ ያመጣል።

ታዲያ ያጣነው የመግዛት አቅም የት ሄደ? ጠፍቶ አልቀረም፤ ተዛውሯል። ባንክ ገንዘቡን ለሌላ ሰው ያበድራል። ንረቱ 34 በመቶ በሆነበት ዓመት በ16 በመቶ ወለድ የተበደረ ነጋዴ ዕቃ ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ ዕዳውን የሚከፍለው በረከሰ ብር ነው። ቆጣቢው ያጣው በከፊል ለተበዳሪው ገቢ ሆነ። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝም ይህ ነው፦ ብድር ለማግኘት ዋስትና ያለው ሰው ከንረቱ ሲያተርፍ፣ ቁጠባ ብቻ ያለው የገጠር ሰው ከፋይ ይሆናል።

ይህ ዝውውር ባንክ በሌለበትም ይሠራል። እቁብን ተመልከቱ። 20 ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ፤ በየወሩ አንዱ 100,000 ብር ያነሣል። በወረቀት ሁሉም እኩል ነው፤ የጣለውን ያህል ያገኛል። ንረቱ በዓመት 30 በመቶ ከሆነ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ዕጣ የደረሰው 100,000ውን ሙሉ ዋጋ ይዞ ሄደ። በሃያኛው ወር የደረሰው ሰው ያነሣው ያው 100,000 ብር ነው፤ በመጀመሪያው ወር ዋጋ ሲመዘን ግን 66,000 ብር ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ አባል በ20 ወር የጣለው፣ በየወሩ እየረከሰ የሄደው ብር ተሰልቶ፣ 82,000 ብር ያህል ዋጋ አለው። የመጀመሪያው 18,000 ብር ያህል አተረፈ፤ የመጨረሻው 16,000 ያህል ከሰረ። ማንም ማንንም አላታለለም። ንረት በከበደበት ዘመን ዕጣው የሚያወጣው ተራን ብቻ ሳይሆን ትርፍና ኪሳራንም ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ዕጣዎች ትንሽ ከፍ እንዲሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ትንሽ ዝቅ እንዲሉ መስማማት ለሁሉም ፍትሐዊ ይሆናል።

ንረቱ ከዚያ ወዲህ ረግቧል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ዓመታዊው ንረት ወደ 14 በመቶ ወርዶ ነበር። ይህን ሰምቶ «ዋጋ ወረደ» የሚል ሰው አለ፤ ዋጋ ግን አልወረደም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። ያ ሁሉ የተደራረበው ዋጋ እንዳለ አለ። በ14 በመቶ ንረትም ቢሆን 6.65 በመቶ የሚያገኝ ቁጠባ በዓመት 6.5 በመቶ ገደማ የመግዛት አቅሙን ያጣል።

ባንክ ለምን ያስፈልጋል ታዲያ? ለቅርብ ጊዜ ወጪ። ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለመጪው ክረምት የማዳበሪያ ዕዳ የሚሆን ብር ዛሬም ቦታው ባንክ ነው፤ በሦስት ወር የሚጠፋው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ደኅንነቱና በተፈለገ ቀን መገኘቱ ይበልጣል። ለአምስትና ለስድስት ዓመት የሚቀመጠው ብር ነው ችግሩ። ብሩን ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው የጊዜ ገደብ ያለውን ተቀማጭ መጠየቅ ይችላል፤ ወለዱ በድርድር ስለሚወሰን ከተራው ቁጠባ ሊበልጥ ይችላል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከግብር በኋላ ንረቱን ይበልጣል ወይ? 5 በመቶ ግብር የሚቆረጥ ከሆነ 14 በመቶ ንረትን ለመስተካከል ብቻ 14.74 በመቶ ወለድ ያስፈልጋል።

ዳንግላ ባለችበት በአዊ ገበሬው ከዚህ ሁሉ በፊት የራሱን መልስ አግኝቶ ነበር። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ማሳው ላይ የዲከረንስ ዛፍ ተክሎ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስሎ የሚሸጠው ሰው ገንዘቡን ዋጋው ከገበያው ጋር በሚያድግ ነገር ላይ አስቀምጧል ማለት ነው። ጊደር የሚያሳድገውም እንዲሁ። የከሰልና የከብት ዋጋ ከንረቱ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ እንደ ደብተሩ ወደ ኋላ አይቀርም። ሆኖም ዲከረንስ ላይ በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ መጥቶ ብዙ ዛፍ አድርቋል፤ ከብትም ይሞታል፣ ይታመማል። ንረትን የሚያመልጥ ሀብት የራሱ ሌላ አደጋ አለው። ያለውን ሁሉ በአንድ ማሳ ላይ ያዋለ ሰው በሽታ ሲመጣ ከንረቱ የከፋ ሊያጣ ይችላል።

የራሳችሁን ቤት ንረት መለካት ከፈለጋችሁ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቤታችሁ የሚገዛቸውን አምስት ስድስት ነገሮች፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ትራንስፖርት፣ ዋጋቸውን በአንድ ወር ጻፉ፤ በቀጣዩ ዓመትም በዚያው ወር ብቻ አወዳድሩ። ጤፍ አዲሱ ምርት ገበያ በሚገባበት በጥር ይረክሳል፣ ጎተራው በሚራቆትበት በነሐሴ ይወደዳል። የጥርን ዋጋ ከነሐሴ ጋር ያወዳደረ ሰው የወቅቱን መለዋወጥ ንረት ብሎ ይቆጥራል፤ የነሐሴን ከጥር ጋር ያወዳደረ ደግሞ ንረቱ የቆመ ይመስለዋል። የተገኘውን የዓመት ጭማሪ ከደብተሩ 6.65 ጎን አስቀምጡት።