የሒሳብ ሹም ስንብትና ርክክብ

በንግድ ቤት ከሚጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ ጸሐፊውንም ተቀባዩንም የሚያስጨንቀው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። የሚለቀው ሰው የሒሳብ ሹም የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበትና የትኛው ቼክ ገና እንዳልተመነዘረ ጠንቅቆ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

በአዲስ አበባ መርካቶ የቧንቧ ዕቃ ለሚያስመጣ አንድ ነጋዴ፥ 11 ዓመት ያገለገለው የሒሳብ ሹም ግንቦት 1 ቀን ጠዋት ደብዳቤ አቀረበለት። ነጋዴው አንብቦ እንደ ጨረሰ «ምን አጎደልኩብህ?» ሲል ጠየቀው። ሹሙም «ምንም አላጎደሉብኝም፤ እንጀራዬን በራሴ ስም ልሞክር ብዬ ነው እንጂ» ብሎ መለሰ። ያሰበውም የራሳቸው ሒሳብ ሠራተኛ የሌላቸውን የትንንሽ ሱቆች መዝገብ በክፍያ ለመያዝ ነበር። የደብዳቤው ቃል እንዲህ ይላል።

«ለተከበሩ የድርጅቱ ባለቤት፤ 11 ዓመት ሙሉ በእምነት ስላሠሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በግሌ የሒሳብ ሥራ ለመሥራት ስላሰብኩ፥ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ሰኔ 30 ቀን እንዲሆን በአክብሮት አስታውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋትና መዝገቡን ለሚተካኝ ሰው በዝርዝር ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ከዚያም በኋላ እስከ ሐምሌ 30 ቀን ድረስ ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ በሳምንት ግማሽ ቀን ያለ ክፍያ እመጣለሁ።»

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይበቃዋል። ሹሙ ግን 60 ቀን ሰጠ። ምክንያቱም የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ስለ ሆነ፥ በሰኔ አጋማሽ ቢለቅ ኖሮ ተተኪው በዓይኑ ያላየውን የመጋዘን ዕቃ ቆጠራ ይፈርም ነበር። «በቅርቡ እለቃለሁ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እንዲህ ያለው ቃል ለነጋዴው ተተኪ የሚፈልግበትን ቀን እንኳ አይነግረውም። የነጻው እርዳታ ማብቂያ ቀን መቆረጡም ተገቢ ነው፤ ማብቂያ የሌለው ውለታ በኋላ አንዱን የሚያስቀይም፥ ሌላውን የሚያስኮርፍ ይሆናል።

ሹሙ በዚያው ወረቀት ላይ «ደንበኛዬ ይሁኑ» ብሎ አለመለመኑም መልካም ነበር። ጥያቄው ከስንብቱ ጋራ ቢጣመር ኖሮ ነጋዴው እንደ ግዴታ ይቆጥረው ነበር። ደግሞም ወሰን አለው፤ ሹሙ ወደ ፊት የቤቱን የወር ሒሳብ ሊይዝ ይችል ይሆናል እንጂ፥ በገዛ እጁ የጻፈውን መዝገብ ራሱ ሊመረምር አይገባውም።

ተተኪው ሰኔ 1 ቀን ሥራ ጀመረ። ርክክቡ የተጀመረው ከባንክ ሒሳብ ነው። የግንቦት 30 ቀን የባንክ መግለጫ 412,600 ብር ሲያሳይ፥ የቤቱ መዝገብ ግን 380,350 ብር ይል ነበር። አዲሱ ሰው ደነገጠ። ሹሙ አጠገቡ አስቀምጦ፥ ለሻጮች ተጽፈው ገና ባንክ ያልቀረቡትን የ28,500 እና የ16,500 ብር ቼኮች ከባንኩ ቁጥር አስቀነሰው፤ በወሩ መጨረሻ ተልኮ ባንኩ ገና ያልመዘገበውን 12,400 ብርም አስደመረው። የተገኘው 380,000 ብር ነው። ቀሪው 350 ብር ባንኩ ለአገልግሎት የቆረጠው ሆኖ በቤቱ መዝገብ ስላልገባ፥ የባንኩ ወረቀት ተያይዞ በወጪ ተጻፈ። ልዩነቱ ማስረጃ ሳይኖረው «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ ሲገኝ፥ ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት ቆም ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የሰኔን ወር ሒሳብ ተተኪው ብቻውን አስታረቀው።

በዘመናችን የሚረሳ ሌላም ነገር አለ። የቤቱ ግብር በኮምፒዩተር የሚታወቅበት መግቢያ በሹሙ የግል ስልክ ቁጥር የተመዘገበ ስለ ነበር፥ የማረጋገጫው ቁጥር ዘወትር የሚደርሰው ለእርሱ ነበር። ቁጥሩ በባለቤቱ ስልክ ተለወጠ፤ ሹሙ በቼክ ላይ የነበረው የፊርማ ሥልጣንም ለባንኩ በተጻፈ ደብዳቤ ተሰረዘ። ይህ የተደረገው ስለ መጠራጠር አይደለም፤ ከሄደ በኋላ አንዳች ቢጎድል እንዳይጠረጠር ራሱ ሹሙ ያሳሰበው ነው።

ሰኔ 30 ቀን ዕቃው በሦስቱም ፊት ተቆጠረ፤ የርክክቡም ዝርዝር በሦስት ቅጂ ተፈረመ። አዋጁ የሠራተኛው ሒሳብ ሥራው በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ሠራተኛው የቤቱን ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ያዘገየ እንደ ሆነ ግን ክፍያውም ይዘገያል። ሹሙ ቁልፉንና ማኅተሙን በዚያው ዕለት ስላስረከበ ገንዘቡን በሦስተኛው ቀን ተቀበለ። በሐምሌ ወር ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠራ፤ ሁለተኛው ጥሪ ለቡና ነበር።