ሰዓቱ መቆጠር የጀመረው ከየት ነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30፣ 2013 ቅዳሜ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 21፣ 2006። ታርጌት የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የችርቻሮ መደብር በዓመቱ ከፍተኛው የገበያ ሰሞን ላይ ነበር። በዚያ ቀን ኩባንያው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የገዛው የጥበቃ ሶፍትዌር ማንቂያ ላከ። ማንቂያውን በመጀመሪያ ያዩት ህንድ ባንጋሎር ተቀምጠው የመደብሩን ኔትወርክ ሌት ተቀን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ናቸው። እነርሱም ሚኒያፖሊስ ለሚገኘው የዋናው መሥሪያ ቤት የደህንነት ክትትል ማዕከል አስተላለፉት። እዚያ ታየ፣ ተመዘነ፣ አስቸኳይ እርምጃ አያሻውም ተብሎም ታለፈ። ዲሴምበር 2 ተጨማሪ ማንቂያ መጣ። የደንበኞች የካርድ መረጃ ከኩባንያው ኔትወርክ መውጣት የጀመረውም በዚያው ቀን ነው።

ሌቦቹ የገቡት ቀደም ብለው፣ ኖቬምበር 12 ላይ ነበር። በፔንሲልቬንያ ለታርጌት የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራ አንድ ተቋራጭ የይለፍ ቃል ሰርቀው በእርሱ በር ገቡ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ መክፈያ ማሽኖቹ ደረሱ። ደንበኛው ካርዱን በማሽኑ ሲያሳልፍ ቁጥሩን እየለቀመ የሚያስቀምጥ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር፣ ማልዌር፣ በማሽኖቹ ላይ ጫኑ። ታርጌት መዘረፉን የተረዳው ዲሴምበር 12 ቀን የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ሲነግረው ነው። ማልዌሩን ከአብዛኞቹ ማሽኖች ያስወገደው ዲሴምበር 15 ነበር። እስከዚያው 40 ሚሊዮን ያህል የክሬዲትና የዴቢት ካርዶች ቁጥር ተወስዷል።

እንግዲህ የዚህ ማዕከል ኃላፊ ለዳይሬክተሮች ቦርድ ሪፖርት የሚጽፍበት ቀን ደረሰ እንበል። በሙያው ውስጥ ሦስት መለኪያዎች የተለመዱ ናቸው። አንደኛው ጥቃቱ ከጀመረ እስኪታወቅ የፈጀው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከታወቀ በኋላ እስኪገታ የፈጀው ጊዜ ነው። ሦስተኛው የማንቂያዎቹ ጥራት፣ ማለትም ከሚመጡት ማንቂያዎች ውስጥ እውነተኛውን አደጋ የሚያመለክቱት ምን ያህሉ እንደሆኑ ነው። ሦስቱም ሲሰሙ ቀላል ናቸው። ነገር ግን በታርጌት ላይ ስናሰላቸው ምን እንደሚመጣ እንይ።

«ታወቀ» የሚባለው መሣሪያው ማንቂያ በላከበት ቀን ከሆነ፣ ከኖቬምበር 12 እስከ 30 ድረስ 18 ቀን ፈጅቷል። ከዚያ እስከ ዲሴምበር 15 ለመግታት ደግሞ 15 ቀን። «ታወቀ» የሚባለው ሰው አምኖ በተቀበለበት ቀን ከሆነ ግን ለማወቅ 30 ቀን፣ ለመግታት 3 ቀን ብቻ ይሆናል። አንድ ጥቃት፣ አንድ ኩባንያ፣ ያው ቀናት፤ ሁለቱ ሪፖርቶች ግን ጭራሽ አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው «መሣሪያችን ደህና ነው፣ ሰዎቻችን ዘገዩ» ይላል። ሁለተኛው «ሰዎቻችን ፈጣን ናቸው፣ መሣሪያችን ግን አያይም» ይላል። ቦርዱ ሁለተኛውን አምኖ ሌላ ውድ መሣሪያ ቢገዛ ገንዘቡ ከንቱ ይቀራል፤ ምክንያቱም የነበረው መሣሪያ አይቷል።

ከዚህ የባሰ አቆጣጠርም አለ፣ እንዲያውም በብዙ ማዕከሎች የሚሠራበት እርሱ ነው። ባለሙያው ጉዳዩን መዝግቦ ቲኬት ሲከፍት ሰዓቱ አብሮ ይጀምራል። ይህ የሚሆነው ስለሚቀል ነው፤ የቲኬት ሥርዓቱ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። ሌባው የገባበትን ቀን ለማግኘት ግን ከሳምንታት በፊት የነበሩ ሎጎችን መልሶ መመርመር ይጠይቃል፤ ሎጎቹ ካልተሰረዙ ነው ይህም። በቲኬት አቆጣጠር ቢሄድ፣ ታርጌት ዲሴምበር 12 ላይ ቲኬት ከፍቶ በዚያው ቀን አወቀ ይባል ነበር። 30 ቀን የቆየው ሌባ በሪፖርቱ ላይ ምንም ጊዜ አልቆየም ማለት ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት አንድ ሪፖርት አራት ቀኖችን ለየብቻ ካላስቀመጠ አይታመንም፦ የገቡበትን፣ የመጀመሪያው ማንቂያ የመጣበትን፣ ሰው አምኖ የተቀበለበትን፣ የተገቱበትን። በታርጌት ላይ እጅግ የሚያስቆጨው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያሉት 12 ቀናት ናቸው። በተለይ ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 2 ባለው ጊዜ መረጃው ከቤት አልወጣም ነበር።

እነዚያ 12 ቀናት ከየት መጡ? እዚህ ላይ ነው የማንቂያ ጥራት የሚገባው። በወቅቱ እንደተዘገበው መሣሪያው ለማልዌሩ የሰጠው ስም `malware.binary` የሚል ነበር። ይህ ስም «አጠራጣሪ ፕሮግራም ተገኘ» ከማለት አያልፍም። የትኛው ማሽን ላይ እንደሆነ፣ ያ ማሽን ከካርድ ክፍያ ጋር ይገናኝ እንደሆነ፣ ምን እያደረገ እንዳለ ስሙ አይናገርም። በቀን እጅግ ብዙ ማንቂያ የሚያይ ሰው እንዲህ ያለውን ከሌላው ለይቶ የሚያቆምበት ምክንያት አያገኝም። መሣሪያው አጠራጣሪ ፕሮግራም ሲያገኝ በራሱ የመሰረዝ ችሎታም ነበረው፤ ሆኖም ያ እንዳይሠራ ተዘግቶ ነበር። ይህን ማድረግ የተለመደ ነው፤ ባለሙያዎች አዲስ መሣሪያ በስህተት የሥራ ፕሮግራም እንዳይሰርዝባቸው የመጨረሻውን ውሳኔ ለሰው ይተዋሉ። የሰው ውሳኔ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ያን ጊዜ በቁጥር እናስበው። በአንድ ማዕከል በየፈረቃው ሦስት ሰው፣ በቀን ሦስት ፈረቃ አለ እንበል። እያንዳንዱ ስምንት ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ በጠቅላላ 72 ሰዓት ይሆናል። አንዱን ማንቂያ በአግባቡ ለማየት 10 ደቂቃ ቢወስድ በቀን 432 ማንቂያ ይታያል። የሚመጣው 1,000 ከሆነ 568ቱ ወይ አይታዩም ወይም በጨረፍታ ይዘጋሉ። ኃላፊው በዚህ ላይ «ማንኛውም ማንቂያ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይዘጋ» የሚል መመሪያ ቢያወጣ ቁጥሩ በሚቀጥለው ወር በእርግጥ ያምራል። ያማረው ግን ሰዎቹ ሳያዩ መዝጋት ስለለመዱ ነው።

ይህ ሲሆን ማወቅ ይቻላል። ከተዘጉት ማንቂያዎች ጥቂቶቹን በዕጣ አውጥቶ ሌላ ባለሙያ እንደገና እንዲያያቸው ማድረግ ነው። «ሐሰት» ተብለው ከተዘጉት ውስጥ ማስረጃ ያልተያያዘላቸው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በጅምላ የተዘጉ፣ በሌሊት ፈረቃ ማብቂያ ላይ የተከመሩ ካሉ መልሱ እዚያው አለ።

የማንቂያ ጥራትን በአንድ ድምር መቶኛ ማቅረብም አይጠቅምም። አንዱ ደንብ በወር 500 ጊዜ ጮኾ እውነት የነበረው 2 ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው 12 ጊዜ ጮኾ 5ቱ እውነት ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው ሲቀርቡ የትኛው መታረም እንዳለበት አይታይም። «ሐሰት» የሚለው ምድብ ራሱም ለሁለት መከፈል አለበት። አንዳንዱ ማንቂያ ጨርሶ የተሳሳተ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ያየውን በትክክል አይቷል፤ ለምሳሌ በሌሊት ትልቅ ፋይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲሄድ አይቷል፣ ግን ይህን ያደረገው በሥራ ላይ ያለ የሲስተም አስተዳዳሪ ነው። የመጀመሪያው ደንቡን በማረም ይስተካከላል። ሁለተኛው የሚስተካከለው አስተዳዳሪዎቹ የሌሊት ሥራቸውን አስቀድመው እንዲያሳውቁ በማድረግ ነው። በአንድ ስም ከተጠሩ ባለሙያው ሁለቱንም ደንቡን በማጥፋት ይገላገላቸዋል፣ ያን ጊዜ ሌሊት ፋይል የሚያወጣ ሌባም አይታይም።

ደንብ ሲጠፋ ጥራት በወረቀት ላይ ከፍ ይላል። ይህን ለማየት ወደ 2017ቱ የኢኩፋክስ ጉዳይ መሄድ ይበቃል። ይህ የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚይዝ ድርጅት ሜይ 13 ተደፍሮ እስከ ጁላይ 29 አላወቀም። የተመሰጠረውን የኔትወርክ ፍሰት ፈትቶ የሚመረምር መሣሪያ ነበረው፤ መሣሪያው የሚሠራበት ዲጂታል ሰርተፍኬት ግን ጊዜው ካለፈ ብዙ ወራት ሆኖት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ መሣሪያው አላየም፣ ስላላየም አልጮኸም። ጁላይ 29 ሰርተፍኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው ፍሰት ወዲያው ታየ፤ በማግስቱ ድርጅቱ የተጠቃውን ድረ ገጽ ዘጋ። ለመግታት የፈጀው አንድ ቀን ገደማ ነው፤ ማንም ማዕከል የሚኮራበት ቁጥር ነው። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ግን ቀድሞ ሄዷል።

ስለዚህ ከማንቂያዎቹ ጎን አንድ ተጨማሪ መስመር ያስፈልጋል፦ ከሚጠበቁት ሰርቨሮችና ማሽኖች ውስጥ ሎግ እየላኩ ያሉት ስንቶቹ ናቸው፣ የመጨረሻው ሎግ የደረሰውስ መቼ ነው? የኢኩፋክስ መሣሪያ በዚህ መስመር ላይ ቢኖር ኖሮ ዝምታው በመጀመሪያው ወር ይታይ ነበር።

አማካይም ያታልላል። በወሩ ከነበሩ አሥር ጥቃቶች ዘጠኙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢታወቁ፣ አሥረኛው ግን ከ60 ቀን በኋላ ቢታወቅ፣ አማካዩ ስድስት ቀን ይሆናል። ስድስት ቀን የፈጀ ጥቃት ግን የለም። አሥሩን በቅደም ተከተል ደርድሮ መሃል ላይ ያለውን ብንወስድ ደግሞ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ 60 ቀን የቆየውም ይሰወራል። በየዓመቱ የመረመራቸውን ጥቃቶች የሚያጠናቅረው ማንዲያንት የተባለው ኩባንያ ይህን የመሃል ቁጥር በ2011 416 ቀን ብሎት ነበር፤ በ2023 10 ቀን ደርሷል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከቅናሹ አንዱ ምክንያት ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ወንጀለኛ መብዛቱ ነው፤ እርሱ ገብቶ ብዙም አይቆይም፣ መግባቱንም ራሱ በስክሪን ላይ ጽፎ ይነግራል። በወንጀለኛው ደብዳቤ የታወቀ ጥቃት በባለሙያ ጥረት ከታወቀው ጋር ተደምሮ «ፈጣን ነን» ማለት አይገባም። ታርጌትም መዘረፉን የተረዳው ከውጭ ተነግሮት መሆኑ በሪፖርቱ ላይ በራሱ ዓምድ መቀመጥ ያለበት መረጃ ነው።

እኔ የቦርድ አባል ብሆን የምጠይቀው አጭር ገጽ ነው። በላዩ ላይ የወሩ ከባድ ጥቃቶች እያንዳንዳቸው በአራት ቀኖቻቸው፣ ማን እንዳሳወቀ ተጨምሮ ይቀመጡ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሚሆን አማካይ አያስፈልጋቸውም። ቀጥሎ ከሁሉ በላይ የሚጮኹት አምስት ደንቦችና ስንት ጊዜ እውነት እንደነበሩ፣ ከዚያም በዚህ ወር የጠፉ ደንቦች ከነምክንያታቸው። ከዚያ ሎግ መላክ ያቆሙ ማሽኖች። በመጨረሻ የራሳቸው ሰዎች የሚያደርጉት ሙከራ፦ አንድ ባልደረባ፣ የክትትል ፈረቃው ሳያውቅ፣ ጉዳት የሌለው ነገር ግን የሌባ ሥራ የሚመስል ድርጊት በአንዱ ሰርቨር ላይ ይፈጽማል። የጀመረበት ደቂቃ በእርግጠኝነት ስለሚታወቅ የዚህ ሰዓት መነሻ አያከራክርም፤ እርሱን ማንቂያው ከመጣበት፣ ሰው ከነካበትና ሰርቨሩ ከኔትወርክ ከተለየበት ደቂቃ ላይ መቀነስ ብቻ ነው። ካልታየም በገጹ ላይ «አልታየም» ተብሎ ይጻፍ።