ከፎቶ ወደ ማረሚያ መመሪያ

የፈተና ወረቀት በስልክ አንስታችሁ ማረሚያ ስታዘጋጁ፣ ከሁሉ በፊት በቅንፍ የታተሙትን ነጥቦች ደምሩ። ባለፈው ሴሚስተር ከ30 የሚታረም ፈተና ስደምር 35 መጣብኝ። ደብዛዛ ፎቶ ላይ አንዷን 3 እንደ 8 አንብቤያት ነው። ድምሩ ካነሰ ደግሞ ገጹ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ጥያቄ ይኖራል፤ ተመልሳችሁ ዋናውን ወረቀት እዩ።

የታተመው ቁጥር ስንት እንደሚሰጥ እንጂ ለምን እንደሚሰጥ አይናገርም። ያንን የምንጽፈው እኛ ነን። 1000 ኪሎ ግራም የሆነች መኪና ከቆመችበት ተነስታ በ2 m/s² ለ5 ሰከንድ ፈጠነች እንበል።

«ሀ. የመጨረሻ ፍጥነቷ ስንት ነው? (2)
ለ. ያኔ ካይነቲክ ኢነርጂዋ ስንት ነው? (3)»

ለ«ሀ» አንዱ ነጥብ ለ v = at፣ ሌላው ለ10 m/s ከነመለኪያው ነው። ለ«ለ» አንድ ለ½mv²፣ አንድ ቁጥሮቹን በትክክል ለመተካት፣ አንድ ለ50,000 J።

ብዙ ጊዜ ተማሪ የሚበደለው እዚህ ጋ ነው። አንዷ 2ን ከ5 ጋር በማባዛት ፋንታ ደምራ ፍጥነቱን 7 አለች፤ በ7 ሠርታም 24,500 J አገኘች። «ሀ» ላይ ዜሮ ናት። «ለ» ላይ ግን ሦስቱም ይገቧታል፤ ለአንድ ስህተት ሁለቴ አትቀጣም። ስለዚህ «ከሀ ያመጣችውን ቁጥር ተከተሉ» ብላችሁ መመሪያው ላይ ጻፉ።

ሁሉንም ከማረማችሁ በፊት አምስት ወረቀት ከባልደረባችሁ ጋር ለየብቻ አርማችሁ አስተያዩ። ነጥባችሁ የተለያየበትን መስመር እንደገና ጻፉት።